የቁርስ ሜኑ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ሰው ሁሉ እንቁላልና ፉል ብቻ ያዛል

ቁርስ_በገርጂ
ሰላም ለሁላችሁ። ገርጂ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለችኝ። አሥር ጠረጴዛ፣ አንድ ምጣድ፣ ሁለት የጋዝ ምድጃ። ሜኑውን በአዲስ ላሳትም ነው። አሁን ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የምግቡ ስም በግራ፣ ዋጋው በቀኝ፣ ሌላ ምንም የለውም። ጠዋት ጠዋት ቤቱ ይሞላል፣ ግን ወር ሲያልቅ የሚተርፈኝ ነገር አያረካም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ የቁርሱን ሒሳብ ሠራሁ። ዋጋው ከቫት በፊት ነው፤ ወጪ ያልኩት ሳህኑ ላይ የሚወጣውን ዕቃ ብቻ ነው፣ ኪራይና ደሞዝ የለበትም። የፍስክ ቀን ሽያጭ ነው፣ በሳምንት።

እንቁላል ፍርፍር፦ ዋጋ 180፣ ወጪ 90፣ 210 ሳህን
ፉል፦ ዋጋ 150፣ ወጪ 55፣ 190 ሳህን
ቋንጣ ፍርፍር፦ ዋጋ 380፣ ወጪ 230፣ 70 ሳህን
ጨጨብሳ በማር፦ ዋጋ 240፣ ወጪ 80፣ 45 ሳህን
ክለብ ሳንድዊች፦ ዋጋ 420፣ ወጪ 290፣ 40 ሳህን
ፈጢራ፦ ዋጋ 260፣ ወጪ 95፣ 25 ሳህን

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የትኛውን ነው ወደፊት ማምጣት ያለብኝ? ክለቡ ዋጋው ትልቅ ስለሆነ እሱን አናት ላይ ላድርገው እያልኩ ነበር። ሁለተኛ፣ ማብራሪያው ላይ ምን ይጻፋል? የሞከርኩት ይኼ ነው፦ «ጨጨብሳ በማር፣ አፍ ላይ የሚሟሟ፣ እጅ የሚያስቆረጥም፣ በጥራት የተዘጋጀ ባህላዊና ልዩ ጨጨብሳችን»። እስቲ ንገሩኝ።

ገብሬ77
ፒያሳ ጥሩ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። ወፍራም ወረቀት ላይ አትሞ ላሚኔት ያደርግልሻል፣ ቅባት ሲነካው በጨርቅ ይጠረጋል። ቀለሙን ግን ቡናማ አድርጊው፣ ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል። ብዛት ስንት ነው የምትፈልጊው?

ቁርስ_በገርጂ
አመሰግናለሁ ገብሬ፣ ኅትመቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ምን እንደሚጻፍበት ልወቅ።

ሒሳብ_ቤት
እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ቀላል ነው። ወጪውን ለዋጋው አካፍዪ። ጨጨብሳ 33 በመቶ፣ ፈጢራና ፉል 37 አካባቢ፣ እንቁላል 50፣ ቋንጣ ፍርፍር 60 ምናምን፣ ክለብ 69። የምግብ ወጪ ከ35 በመቶ በጣም ካለፈ ምግቡ እየበላሽ ነው። ስለዚህ ክለቡንና ቋንጣ ፍርፍሩን ከሜኑ አውጪያቸው፤ ፉልን፣ ጨጨብሳንና ፈጢራን አጋንኚ። አለቀ።

የኩሽና_ሰው
ወንድሜ ሒሳብ_ቤት፣ ማካፈሉ ልክ ነው፣ መደምደሚያው ግን ቤቱን ያከስራል። ሃያ ዓመት ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ፤ በመቶኛ ብቻ አይተው ሜኑ የሚቆርጡ ሥራ አስኪያጆች ብዙ አይቻለሁ።

እህቴ፣ በመቶኛውን ተይውና ከአንድ ሳህን በእጅሽ የሚቀረውን ብር ቁጠሪ። ቋንጣ ፍርፍር 380 ይሸጣል፣ 230 ይወጣበታል፣ 150 ብር ይቀርሻል። ፉል በመቶኛ ያምራል፣ ግን የሚቀርሽ 95 ብር ነው። ጠዋት አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው አንድ ሳህን ነው የሚበላው። ያ ሰው ከቋንጣ ፍርፍር ወደ ፉል ቢዞር ወንድሜ ደስ ይለዋል፣ አንቺ ግን 55 ብር አጣሽ። ኪራዩም ደሞዙም የሚከፈለው በብር ነው።

በዚህ ዓይን ስናየው ፈጢራ 165፣ ጨጨብሳ 160፣ ቋንጣ 150፣ ክለብ 130፣ ፉል 95፣ እንቁላል 90 ያስቀራሉ። ሁሉንም በሽያጩ አባዝተሽ ብታካፍዪው ከአንድ ሳህን በአማካይ የሚቀርሽ 110 ብር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ይጠቅምሻል፣ ከዚያ በታች የሆነ ቤቱን ይሞላል እንጂ ኪስ አይሞላም።

ቀጥሎ ተፈላጊነቱን ነው የምናየው። በ1982 ካሳቫናና ስሚዝ የሚባሉ ሁለት የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት ዘዴ አለ፣ ሆቴል ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ስድስት ምግብ ካለሽ እኩል ቢሸጡ እያንዳንዱ አንድ ስድስተኛ ይደርሰዋል። የዚያን 70 በመቶ ያገኘ ምግብ ተፈላጊ ነው ይባላል። ያንቺ ጠቅላላ 580 ሳህን ነው፣ ስለዚህ መስመሩ 68 ሳህን አካባቢ ይወድቃል። እንቁላልና ፉል በሩቁ አልፈውታል። ቋንጣ ፍርፍር በ70 ሳህን ለጥቂት አልፏል። እሱ ተፈላጊም ነው፣ ብርም ያስቀራል፣ እንዳትነኪው። ጨጨብሳና ፈጢራ ደግሞ ብር ያስቀራሉ፣ ግን የሚያዛቸው የለም። ማብራሪያ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው።

ክለቡን አናት ላይ አታድርጊ። 130 ያስቀራል፣ እሺ። ግን ዶሮው፣ ማዮኔዙ፣ ሰላጣው በሳምንት ለ40 ሳህን ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። የሚጣለውን ወጪው ውስጥ አስገብተሽዋል?

ቁርስ_በገርጂ
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። የሚጣለው አልገባም። ሰላጣው በተለይ ሁለት ቀን አይቆይም። ስለዚህ ፈጢራን ልግፋ ማለት ነው፣ ትልቁን የሚያስቀረው እሱ ነው።

የኩሽና_ሰው
ፈጢራውን ማን ነው የሚሠራው?

ቁርስ_በገርጂ
አንዲት ልጅ ናት። ሊጡን በእጇ ስባ ስስ አድርጋ ነው የምታጥፈው፣ አንዱ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ሌላ ሰው የሚችለው የለም።

የኩሽና_ሰው
እንግዲያው እሱን ባለበት ተይው። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ቤቱ ሲሞላ አምስት ፈጢራ በአንድ ጊዜ ቢታዘዝ ምጣዱም ልጅቷም ይያዛሉ። አምስተኛው ሰው ሃምሳ ደቂቃ ሊጠብቅ ነው። ከዚያ ተነስቶ ይሄዳል፣ ወይም ጠረጴዛውን ይዞ ሌላ እንግዳ ያስመልሳል። ሜኑ ላይ የሚጋነን ምግብ ኩሽናው በጥድፊያ ሰዓት ሳይጨነቅ የሚያወጣው መሆን አለበት። ጨጨብሳ ለዚህ ይመቻል፤ ቂጣው ቀድሞ ይጋገራል፣ ሲታዘዝ ተቆራርሶ ይታሻል፣ በሦስት ደቂቃ ይወጣል።

አስተናጋጅ_ነኝ_እኔ
ሁላችሁም ስለ ወረቀት ነው የምታወሩት። እኔ ቦሌ ስድስት ዓመት አስተናግጃለሁ። ጠዋት የሚመጣ ሰው ሜኑ ያነባል እንዴ? ሜኑውን ሰጥተኸው ስልኩን እያየ «ምን አለ?» ይልሃል። ወይ «የጾም ምን አላችሁ?»። አስተናጋጁ ደግሞ አፉ ላይ የለመደውን ይዘረዝራል፤ እንቁላል ፍርፍር፣ እንቁላል ስልስ፣ ፉል፣ ስፔሻል ፉል… ሰውየው የሰማውን የመጀመሪያ ነገር ያዛል። እንቁላልና ፉል የሚሸጠው ለዚህ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ጨጨብሳ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ እዚያ ሳንደርስ ሰው አዝዞ ይጨርሳል።

የምትጽፊው ነገር በአንድ ትንፋሽ ካልተባለ ለእኛ አይጠቅመንም። «በጥራት የተዘጋጀ ባህላዊና ልዩ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ ብናገር ደንበኛው ይስቅብኛል።

የኩሽና_ሰው
አስተናጋጅ ወንድሜ ትልቁን ነገር ተናገረ። ማብራሪያውን ስትጽፊ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ጠረጴዛ ላይ ሲባል የሚያሳፍር ከሆነ ወረቀት ላይም አይሠራም።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ
እኔ እዚህ አሜሪካ ትንሽ ሬስቶራንት አለኝ፣ የኔን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ሜኑዬ ላይ ክትፎ ብቻ ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ሐበሻው ያዛል፣ ፈረንጁ ዝም። በቢላ በደቃቁ የተከተፈ ሥጋ፣ ለብ ባለ ቅመም የገባበት ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ከአይብ ጋር ብዬ ስጽፍ መጠየቅ ጀመሩ። ለብ ለብ ማለት ምን እንደሆነ ራሱ ጻፍኩላቸው፣ አለበለዚያ ጥሬ መሆኑን ሲያውቁ ይመልሱታል። ሌላው የዶላሩን ምልክት አጥፉ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2009 አጥንቶታል፣ ቁጥሩ ብቻ ሲጻፍ ሰው የበለጠ ያወጣል። አንቺም «ብር» የሚለውን አጥፊው እህቴ።

ሒሳብ_ቤት
ሚሚ ያልሽው የሚገርም ነው። እኔም አንድ ቦታ አንብቤያለሁ፣ ለምግቡ ደስ የሚል ገለጻ ሲጻፍለት ሽያጩ 27 በመቶ ይጨምራል። ይኼ የተረጋገጠ ነው። 45 ጨጨብሳ በ27 በመቶ ሲያድግ 57 ይሆናል ብለሽ ማቀድ ትችያለሽ።

አንባቢ_ብቻ
ቆይ ሒሳብ_ቤት። የ27 በመቶው ነገር ከብራያን ዋንሲንክ ጥናት የመጣ ነው። የኮርኔል ፕሮፌሰር ነበር። በ2018 ዩኒቨርሲቲው ራሱ መርምሮ የምርምር ሥነ ምግባር ጥሷል አለ፣ ብዙ ጽሑፎቹም ተሰረዙ። ይኼኛው ጽሑፍ ተሰርዟል አላልኩም፣ ግን በእሱ ቁጥር ተማምኖ ዱቄት መግዛት ልክ አይደለም። ሐሳቡ ግን ባዶ አይደለም። ስታንፎርድ በ2017 ካፍቴሪያቸው ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞክረዋል፤ አትክልቱ በአሠራሩ ምንም ሳይለወጥ ስሙ ብቻ አፍ በሚያስከፍት ቃል ሲጻፍ፣ ስሙ እንዲሁ ደረቁን ከተጻፈበት ቀን 25 በመቶ የበለጠ ሰው አንስቶታል። ያ የዩኒቨርሲቲ ካሮት ነው፣ ገርጂ ያለ ጨጨብሳ አይደለም። አቅጣጫውን ያሳያል፣ መጠኑን አይነግርሽም።

የብሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ጥናቱ የተሠራው ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ፣ የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት ባለው አንድ ሬስቶራንት ነው። እዚህ ብዙ ካፌ ድሮም ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው። ሰውን የሚያናድደው ሌላ ነገር ነው፤ ሜኑ ላይ 240 አይቶ ሒሳቡ 276 ሆኖ ሲመጣ።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ
ቫቱን ነው የምትለው? እዚህም ታክሱ በኋላ ነው የሚጨመረው፣ ማንም አይናደድም።

አንባቢ_ብቻ
እዚያ ሁሉም ቤት እንደዚያ ስለሆነ ነው። እዚህ ግማሹ አካቶ ይጽፋል፣ ግማሹ ከሥር በደቃቅ ፊደል «ቫትን አይጨምርም» ይላል። ደንበኛው ሒሳብ ሲመጣ ነው የሚያውቀው። በጥሩ ቃል የቀሰቀስሽውን የምግብ ፍላጎት ደረሰኙ ላይ ታጠፊዋለሽ።

ቁርስ_በገርጂ
ልክ ነህ፣ እኔ ጋ ከሥር ነው የተጻፈው። አካትቼ 276 ብል ግን ጎረቤቴ ያለው ካፌ 240 ብሎ ጽፎ እኔ ውድ መስዬ እታያለሁ። ይኼን ገና አልወሰንኩም።

ተመጋቢ
ይቅርታ አድርጉልኝና ይኼ ሁሉ ማታለል አይደለም? ሰው ፉል ሊበላ መጥቶ በቃላት አዙራችሁ 240 ልታስከፍሉት ነው። ደሞ «የሸኖ ቅቤ» ብለው ጽፈው የአትክልት ቅባት የሚያበሉ ቤቶች አውቃለሁ። የቅቤ ሽታውን የምናውቅ ሰዎች አለን።

የኩሽና_ሰው
ተመጋቢ፣ ቅሬታህ እውነት ነው፣ ያንን የሚያደርግ አለ። ሳህኑ ላይ የሌለን ነገር መጻፍ ሌብነት ነው። ሳህኑ ላይ ያለውን መናገር ግን ማታለል አይደለም። ይህች እህታችን ጨጨብሳዋን እንዴት እንደምትሠራ ዛሬ ማን ያውቃል? ሜኑዋ ላይ «ጨጨብሳ 240» ይላል። ጎረቤቷም «ጨጨብሳ 200» ይላል። ሰው ልዩነቱ አርባ ብር ብቻ ይመስለዋል።

እህቴ እስቲ ንገሪኝ፣ ቅቤሽ ከየት ነው? ቂጣው ስንት ሰዓት ይጋገራል? ማሩስ እንዴት ነው የሚቀርበው?

ቁርስ_በገርጂ
ቅቤው እውነትም ከሸኖ ነው፣ አክስቴ ትልክልኛለች። እናቴ ናት በኮረሪማ፣ በበሶብላና በአብሽ የምታነጥረው። ዱቄቱ ስንዴ ነው። ቂጣው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጋገራል፤ ሲታዘዝ ምጣድ ላይ ሞቅ አድርገን በቅቤና በበርበሬ እናሸዋለን። ማሩ ከላይ ይፈስበታል።

የኩሽና_ሰው
ይኸው፣ ይኼን ሁሉ ይዘሽ «ባህላዊና ልዩ» ብለሽ ጻፍሽ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርሽን እይው፤ ጨጨብሳ የሚለውን አውጥተሽ ክትፎ ብታስገቢበት ምንም አይለወጥም። የሚሸት፣ የሚታይ፣ የሚነካ ነገር የለበትም። «ስፔሻል»፣ «ልዩ»፣ «ምርጥ»፣ «በጥራት» የሚሉት ቃላት እዚህ አገር ሜኑ ላይ ሞተዋል፤ ስፔሻል ማለት እንቁላል ተጨመረበት ማለት ነው አሁን። ምግቡ በእጅ ምን እንደሚሆን ጻፊ። የሚሸት አንድ ቅመም ጥሪ፣ የመጣበትን አንድ ቦታ ጥሪ፣ ከዚያ አቁሚ።

ደግሞ «ከምጣድ ትኩስ የወረደ» የሚል ፈተና ይመጣብሻል። ቂጣው የጠዋት ስለሆነ እንዳትጽፊው። ሲታዘዝ የሚታሸው ግን እውነት ነው፣ እሱ ራሱ በቂ ነው።

እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ጨጨብሳ በማር። የስንዴ ቂጣ፣ በኮረሪማና በበሶብላ በተነጠረ የሸኖ ቅቤ ሲታዘዝ የሚታሽ። ማሩ በሲኒ ለብቻው። 240»

ማሩን በሲኒ ያደረግኩት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲኒ ማር ሲያይ ጎረቤቱም ያየዋል፣ «ያ ምንድን ነው» ይላል። ሁለተኛ፣ ከላይ የሚፈሰውን ማር ማንም አይለካም። ጠዋት ላይ እጁ የላላ ሠራተኛ ካለሽ የ80 ብሩ ወጪ ሳታውቂው 100 ይሆናል። ሲኒ መለኪያ ነው።

አስተናጋጅ_ነኝ_እኔ
ይኼ ይባላል። «ጨጨብሳ አለ፣ በሸኖ ቅቤ አሁኑኑ ታሽቶ፣ ከነማሩ።» በአንድ ትንፋሽ አለቀ። አስተናጋጆቹ ግን ቀምሰውት ይሁን። ያልቀመሰ ልጅ አፉ ላይ አይመጣለትም። «ምን አለ?» ሲባሉ መጀመሪያ ጨጨብሳን እንዲሉ ንገሪያቸው፣ ቀጥሎ ቋንጣ ፍርፍር፣ እንቁላሉን መጨረሻ ላይ። እንቁላል ፈላጊ ራሱ ይጠይቃል።

ቁርስ_በገርጂ
ሲኒው በጣም ገባኝ። ለሌሎቹስ? ለሁሉም እንደዚህ ልጻፍ?

የኩሽና_ሰው
አይሆንም። ለሁሉም ከጻፍሽ ለማንም አልጻፍሽም። ማብራሪያ ለጨጨብሳና ለቋንጣ ፍርፍር ብቻ። እንቁላል፣ ፉል፣ ክለብ፣ ፈጢራ ስማቸውና ዋጋቸው ብቻ ይቀመጥ። ከሜኑ አታውጪያቸው፤ ፉል የሚፈልግ ሰው ፉል ካጣ ቤት ይቀይራል እንጂ ጨጨብሳ አይበላም።

ለቋንጣው እንዲህ በዪ፦ «ቋንጣ ፍርፍር። ቋንጣው ቁሌቱ ውስጥ የበሰለ፣ እንጀራው እንዳይላቁጥ መጨረሻ ላይ የሚገባበት። 380»። እውነት ካልሆነ ቀይሪው።

ዋጋውን ደግሞ በቀኝ በኩል በአንድ አምድ አትደርድሪ። አምድ ሲሆን ሰው ከላይ እስከ ታች ቁጥሩን ብቻ ይወርዳል፣ ትንሹን ይፈልጋል፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ የማን እንደሆነ ያያል። ትንሹ ቁጥር ያንቺ ቤት ፉል ነው። ዋጋውን ማብራሪያው ያለቀበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ፊደል መጠን አስቀምጪው።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ
የሰው ዓይን መጀመሪያ መሃል፣ ቀጥሎ ቀኝ ላይኛው ጥግ ነው የሚያርፈው ይባላል። እዚያ አድርጊው።

የኩሽና_ሰው
ሚሚዬ እሱ የቆየ የሆቴል ቤት ወሬ ነው። የዓይን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ይዘው ሲያዩት ሰው ሜኑን እንደ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። ለአንድ ገጽ ሜኑ የመጀመሪያው መስመር ይበቃል። ጨጨብሳን አንደኛ፣ ቋንጣን ሁለተኛ። ክለቡን መሃል ላይ ቅበሪው።

ሒሳብ_ቤት
እሺ፣ በብር መቁጠሩን ተቀብያለሁ። ግን እስቲ ይኼንን መልሱልኝ። ይኼ ሁሉ ተደክሞ በሳምንት ሠላሳ ሰው ከእንቁላል ወደ ጨጨብሳ ቢዞር፣ ከአንዱ 70 ብር ይጨመራል፣ 2,100 ብር። ፉል ላይ አሥር ብር ብትጨምር 190 ሳህን በ10፣ 1,900 ብር። ያውም ያለ ምንም ቅቤና ቃላት። ለምን ፉሉን 160 አታደርገውም?

የኩሽና_ሰው
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሒሳቡም ልክ ነው። መልሴ ግን ፉል የሰፈሩ ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀው ምግብ ነው የሚል ነው። ቤትሽ ውድ ነው ርካሽ ነው የሚባለው በፉልና በማኪያቶ ነው። ጨጨብሳ ስንት እንደሆነ ማንም አያስታውስም።

ሒሳብ_ቤት
190ው ሁሉ በአሥር ብር ይሄዳል? አይመስለኝም። ሃያ ሰው ቢሄድ እንኳ…

ተመጋቢ
እኔ እሄዳለሁ።

አንባቢ_ብቻ
ሃያ ሰው ቢሄድ፣ የቀሩት 170 በ105 ብር 17,850 ነው። አሁን 190 በ95 ብር 18,050 እያገኘች ነው። ሃያ ሰው ከሄደ ከስራለች። አሥራ ዘጠኝ ቢሄድ እንኳ ከአሁኑ በታች ናት፣ አሥራ ስምንት ቢሄድ ትንሽ ታተርፋለች። ድንበሩ እዚያ ነው። ያ ሰው ሲሄድ ደግሞ ማኪያቶውንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ሒሳብ_ቤት
ማኪያቶውን አላሰብኩም። ግን አሁንም ይሞከር እላለሁ፣ በ5 ብር።

ቁርስ_በገርጂ
ፉሉን ለጊዜው አልነካውም። ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዓቢይ ጾም ይኼ ሁሉ ማብራሪያ ከንቱ ይሆናል። ቅቤ የለ፣ ቋንጣ የለ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም የማይጠቅም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል?

የኩሽና_ሰው
የጾሙን ለብቻው አሳትሚ፣ ሌላ ወረቀት። አንድ ገጽ ላይ ፍስኩንና ጾሙን ካደባለቅሽ ጿሚው ግማሹን እየዘለለ ነው የሚያነበው፣ ማብራሪያሽን ጨምሮ። ጾም ላይ ጨጨብሳውን በዘይት ትሠሪዋለሽ? ቅቤው ሲወጣ ወጪው ስንት ይሆናል?

ቁርስ_በገርጂ
በዘይት 55 ብር አካባቢ ይወጣበታል፣ በ190 እሸጠዋለሁ።

የኩሽና_ሰው
135 ይቀርሻል። የጾም ፉልሽ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ ጾምም ላይ አንደኛው መስመር ጨጨብሳ ነው። ግን ቅቤ ስለሌለ ማብራሪያው ሌላ ነገር ላይ ይደገፍ። በርበሬው የቤት ከሆነ በርበሬውን ጥሪ። «ሸኖ» የሚለው ቃል የጾሙ ወረቀት ላይ እንዳይገባ፣ የኅትመት ሰው ገልብጦ ይለጥፈዋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አክስትሽ ክረምት ላይም ትልካለች? ቅቤ ሲወደድ ከሌላ ቦታ የምትገዢ ከሆነ «ሸኖ» የሚለውን አታሳትሚ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፊው። ሰሌዳ ይጠፋል፣ ላሚኔሽን አይጠፋም።

ቁርስ_በገርጂ
ሐምሌና ነሐሴ ትንሽ ይቆራረጣል። ሰሌዳው ይሻላል። መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ጨጨብሳ ከ45 በላይ ከሆነ ሠርቷል ማለት ነው?

አንባቢ_ብቻ
ጨጨብሳው ብቻውን አይነግርሽም። የመጣው ከእንቁላል ነው ወይስ ከቋንጣ ፍርፍር? ቋንጣ በላተኛው ወደ ጨጨብሳ ቢዞር የምታተርፊው 10 ብር ነው፣ ለዚያ አልደከምሽም። ሁሉንም ሳህን ቁጠሪና ከአንድ ሳህን በአማካይ የሚቀረው ከ110 ስንት ደረሰ የሚለውን እይ። ደግሞ የጾም ሳምንትን ከፍስክ ሳምንት ጋር አታወዳድሪ። የሚመቸው ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ሳምንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ግማሹን በአሮጌው ሜኑ፣ ግማሹን በአዲሱ።

አስተናጋጅ_ነኝ_እኔ
አስተናጋጆቹ መቼ «ጨጨብሳ አለ» ማለት እንደጀመሩም ጻፊው። ወረቀቱና አፉ በአንድ ቀን ከተቀየሩ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። እኔ ብሆን አፉን አስቀድማለሁ፣ ኅትመት ብር ያስወጣል።

የኩሽና_ሰው
እኔ ግን ወረቀቱን አስቀድማለሁ። አስተናጋጅ ሁለት ሳምንት ይለዋል፣ ከዚያ ይረሳል።

አስተናጋጅ_ነኝ_እኔ
ከሸጠው ጨጨብሳ ትንሽ ቢሰጠው አይረሳም።